ዋሽንቱ ዝቅ ያለበት ቦታ

ማሬ ደብረ ማርቆስ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ የሰው ለቅሶ ስትቆርጥና ስትቀጥል ኖራ ደንዝዛለች። ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ የምታቀናብረው የሟች እማማ ይመኙሻልን የድምፅ ቅጂ ነው። እማማ በጠላት ጊዜ የጣሊያን አውሮፕላን አባታቸውን አውድማ ላይ እንዴት እንደገደለባቸው ይናገራሉ። ማሬ ከሥር የደጋ ነፋስ ድምፅ አነጠፈች፤ የአውሮፕላን ጩኸት ደረበችበት፤ ከዚያ ዋሽንት ጨመረች። ዋሽንቱን በማቀናበሪያ ማሽኑ ከእማማ ድምፅ ጋር ስላሰረችው እሳቸው ሲናገሩ በራሱ ዝቅ ይላል፤ ዝም ሲሉ ይነሣል።

እማማ "አባቴ ወደቀ" ብለው ዝም አሉ። ዋሽንቱ ግን ሊነሣ ሲል ዝቅ፣ ሊነሣ ሲል ዝቅ ይላል።

"ተበላሽቷል" አለ አለቃዋ ሙላት። "ዝምታውን ቁረጪው፤ ምንም የለበትም።"

ማሬ ሌላውን ሁሉ ዘግታ የእማማን ድምፅ ብቻ አዳመጠች። ድም። ድም። እማማ ደረታቸውን እየደቁ ነበር። ማሽኑ ሰምቷቸዋል፤ እሷ አውሮፕላን ጭናባቸው አልሰማችም።

እንባ አልመጣላትም። አውሮፕላኑንም እንደ ዋሽንቱ ከእማማ ድምፅ ጋር አሰረችና ሁሉንም መልሳ ከፈተች። የእማማ እጅ ደረታቸው ላይ ባረፈ ቁጥር አውሮፕላኑ ዝቅ አለ።