ለባንክ የተጻፈ፣ አከራይም የሰሙት ማመልከቻ

እኔ የጻፍኩትን የብድር ማመልከቻ ያነበበ ሰው፣ ባንኩ ለእኔ ሳይሆን እኔ ለባንኩ የማበድር ነው የሚመስለው። ይህን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም። ጉረኛ ሌላ ነው፤ እኔ ያለውን ትንሽ ቀና አድርጌ ነው የማቀርበው። ፀጉር አስተካካይ አይደለሁ? የተኛውን ማቆም፣ የሳሳውን ማጎፈር የሙያዬ ጠባይ ነው።

ሱቄ ውስጥ አንድ ረድፍ ወንበር አለ። ሦስት ወንበር፣ ፊት ለፊታቸው ግድግዳውን የሸፈነ መስታወት፣ ሦስት አስተካካይ። አንዱ እኔ ነኝ፤ ሁለቱን ያሠለጠንኳቸው እኔ ስለሆንኩ እነሱም እኔ ናቸው። በወዲያኛው ግድግዳ ሥር የደንበኞች መጠበቂያ አግዳሚ ተዘርግቷል። እሱን አሳጥሬ ወደ በሩ በመግፋት ሁለተኛ ረድፍ ወንበር ልተክል ቆረጥኩ።

ያስቆረጠችኝ ልጄ ናት። የሴቶችንና የሕፃናትን ፀጉር መቁረጥ ተምራ፣ የምስክር ወረቀቷን ይዛ መጣች፤ ወንበር ግን የለም። ከመንገዱ ማዶ ያለው ተፎካካሪዬ (ስሙን ለመጥራት አፌ ስለማይፈቅድ "ማዶ" ነው የምንለው) ይህን ሰማና፣ "እኔ ጋ ባዶ ወንበር አለ፣ ነይ" አላት። እስከ ወሩ መጨረሻ መልሷን ይጠብቃል።

"አባዬ፣ ፎጣ ማጠፍ ሰለቸኝ" አለችኝ። "ወንበር ካገኘሁ እዚሁ እሠራለሁ። ካላገኘሁ እሻገራለሁ።"

የእኔ ልጅ ማዶ! የእኔን እጅ የወረሰች ልጅ፣ መቀሱን በመጥረቢያ ስልት ለሚይዝ ሰው ልትሠራ! በማግስቱ ባንክ ቤቱ ሳይከፈት በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

የብድር ባለሙያው ጨዋ ወጣት ነው። ፀጉሩን ከግራ ጆሮው አንስቶ በመላጣው ላይ ወደ ቀኝ ጆሮው ያሻግረዋል፤ አዘንኩለት፣ ግን ለብድር ነው የመጣሁት ብዬ ዝም አልኩ። የሚያስፈልገውን ነገረኝ። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የወንበሮቹና የመስታወቱ ፕሮፎርማ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የኪራይ ውል።

"ከሁሉም በላይ የሚቀመጥ ማመልከቻ ይጻፉ" አለኝ። "አንድ ገጽ ይበቃል። ምን ያህል እንደሚፈልጉ፣ ለምን፣ ከራስዎ ምን እንደሚያዋጡ፣ ብድሩን ከምን እንደሚመልሱ። ከሥሩ የተያያዙትን ሰነዶች ይዘርዝሩ። በቃ።"

ከዚያ የኪራይ ውሌን ገለጥ ገለጥ አደረገና ቅንድቡን ሰበሰበ።

"ይሄ በሚመጣው ዓመት ያልቃል። ብድሩ ግን ሦስት ዓመት ነው። ከሱቁ ቢያስወጡዎትስ? ውሉ ከብድሩ ቀድሞ መሞት የለበትም። አከራይዎ ያድሱልዎ።"

"እሱን ለኔ ተወው! እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ" አልኩት። ልጃቸውን ዘንድሮ ከቤት እንዳስወጡት አልጠየቀኝም፣ አልነገርኩትም።

ማታውኑ ልጄ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ቆሜ እየተንጎራደድኩ ማስጻፍ ጀመርኩ።

"ጻፊ! የፀጉር ማስተካከል ጥበብ በተነሳ ቁጥር ስሙ ቀድሞ የሚነሳው፣ ከንጋት እስከ ምሽት ወንበሩ የማይቀዘቅዘው፣ ደንበኛ ወረፋ ለመያዝ ከዋዜማው ደጁ ላይ የሚያድርበት ድርጅታችን..."

"አባዬ፣ ይሄ ማመልከቻ ነው ሽለላ?"

"ሁለቱንም ነው። ጻፊ፤ ወንበሮቻችን ማለቂያ የላቸውም።"

"ሦስት ናቸው።"

"በመስታወት ሲታዩ ስድስት። አትከራከሪኝ።"

አራት ገጽ ሞላ። እኔ ስተኛ እሷ ለብቻዋ አንድ ገጽ ጻፈች። "ይሄን አስገባ" ብትለኝ አነበብኩት፤ ጨው የሌለው ወጥ ነው። መለስኩላት፤ አጥፋ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። የእኔን አራት ገጽ ከሰነዶቹ በላይ አድርጌ አስገባሁ። ባለሙያው የታደሰውን ውል እንዳመጣለትና ሱቁን አንድ ቀን መጥቶ እንደሚያይ ነገረኝ፤ የትኛው ቀን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

እስከዚያ እንዲህ ያለ ድርሰት ታጥፎ ይቀመጥ? ለእያንዳንዱ ደንበኛ አነበብኩት። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያረፈ ሰው አያቋርጥም፤ እንደሱ ያለ አድማጭ በዓለም የለም። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ በቃሉ ያዘው። ማመልከቻዬ ከአፍ አፍ እየዞረ እየፋፋ ሄዶ፣ ወደ እኔ ሲመለስ ፎቅ ልሠራ ነበር። ማዶ እንኳ በሩ ላይ ወጥቶ አጨብጭቦልኛል አሉ።

ፎቁ እኔ ጆሮ ከደረሰ አከራዬ ጆሮ አይቀርም። እትዬ ቁልፌ እንላቸዋለን፤ የቤቶቻቸውን ሁሉ ቁልፍ በወገባቸው አንጠልጥለው ስለሚዞሩ ሰው ከማየቱ በፊት ይሰማቸዋል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሦስቱም ወንበሮች ሞልተዋል፣ አግዳሚው ላይ ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል፣ ቅጭል ቅጭል የሚል የቁልፍ ድምፅ በሩ ላይ ቆመ።

"ጎበዝ! እንኳን ደስ ያለህ!"

"ምን ተገኘ እትዬ?"

"'ከንጋት እስከ ምሽት ወንበሩ የማይቀዘቅዘው'" ብለው በቃላቸው አወረዱት። "'ደንበኛ ከዋዜማው ደጁ ላይ የሚያድርበት።' እኔ ደጄ ላይ ያደረ ሰው አላየሁም። ግን አንተ ለባንክ ከጻፍከው እውነት ነው፣ ለባንክ አይዋሽም። የጠየቅከኝን ውል ለሦስት ዓመት አድስልሃለሁ። ኪራዩን እጥፍ እናድርገውና።"

መቀሴን ጥዬ ወደ በሩ ተንደረደርኩ።

"ኧረ እትዬ! የሰው ወሬ ሰምተው ነው! ገበያ የታለና? እኔ እኮ ዝንብ ነው የምላጨው!"

"እነዚህስ?" ብለው በአገጫቸው ወንበሮቹን አሳዩኝ።

"እነዚህ... እነዚህማ ዘመዶቼ ናቸው። በነፃ ነው።"

አንደኛው ወንበር ላይ የነበረው ዳቦ ጋጋሪ ፎጣውን ከአንገቱ ገፍፎ ተነሳ። "በነፃ ነው? እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ!" ብሎ ወጣ።

ሁለተኛው ወንበር ላይ የነበረው ሹፌር፣ "ዘመድ መሆናችንን ዛሬ ሰማሁ። በእናቴ በኩል ነው በአባቴ?" እያለ ኮፍያውን አጠለቀ።

ሦስተኛው ግማሽ ጭንቅላቱ ብቻ ስለተላጨ መነሳት አልቻለም። "እኔስ፣ እስከ ዛሬ የከፈልኩት ይመለስልኛል?" አለ።

በዚህ መሀል አግዳሚው ጥግ ላይ ፊቱን በጋዜጣ ከልሎ የተቀመጠ ሰው ጋዜጣውን አጠፈ። ከግራ ወደ ቀኝ የተሻገረ ፀጉር አየሁ። የብድር ባለሙያው!

"ይቅርታ" አለ በትሕትና። "በነፃ ከሆነ ብድሩን ከምን ነው የሚመልሱት?"

"ጌታዬ! ኧረ ይከፍላሉ! አንጀት በሚያርስ አከፋፈል ነው የሚከፍሉት!"

"ይከፍላሉ?" አሉ እትዬ። "እንግዲያው እጥፍ።"

"አይከፍሉም እትዬ!"

"አይከፍሉም?" አለ ባለሙያው፣ እስክሪብቶውን አውጥቶ።

"ለእርስዎ ይከፍላሉ፣ ለእሳቸው አይከፍሉም!"

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ባለግማሽ ጭንቅላቱ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ልጄ የያዘችውን ፎጣ ጥላ በሆዷ ታጥፋ ሳቀች፤ እንባዋን ጠርጋ ስትጨርስ ግን ወደ በሩ፣ ወደ ማዶ አየች። ከሽርጧ ኪስ ያቺን ወረቀት አወጣች።

"አባዬ፣ ጮክ ብለህ አንብበው። ሁለቱም ይስሙ።"

"ይሄማ..."

"አባዬ።"

እናቷም በዚህ ድምፅ ስትጠራኝ ነው የምፈራው። አነበብኩ።

"ሦስት ወንበር አለን። ጠዋት ጠዋት ባዶ ይሆናሉ፤ ከሰዓት በኋላና በእረፍት ቀን ይሞላሉ። በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሰው አግዳሚው መሙላቱን አይቶ ይመለሳል። ሴቶችንና ሕፃናትን የምናስተናግድበት ቦታ የለንም። ብድሩን የምንጠይቀው ሦስት ወንበር፣ መስታወትና አንድ የፀጉር ማጠቢያ ለመግዛት ነው። የውሃና የመብራት መስመሩን በራሳችን ገንዘብ እናሠራለን። ብድሩን የምንመልሰው አሁን ካለን ገቢና አዲሶቹ ወንበሮች ከሚጨምሩት ነው። ኪራዩ በአንዴ ከናረ ግን መመለስ አንችልም።"

ከአፌ እንዲህ ያለ ድርቅ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም። ምላሴ እንግዳ ቤት የገባ ልጅ ሆኖ ጥርሴ ሥር ተሸጎጠ። ሁለቱም ሰሙት፤ አንዳቸውም ግን የሚመዙት ነገር አላገኙበትም።

"እዚህ ከተቀመጥኩ ጀምሮ" አለ ባለሙያው፣ "አንገቱን በበሩ አስግጎ የተመለሰው ብዙ ነው። አንዲት እናት ሁለት ሕፃናት ይዛ መጥታ ማዶ ገባች። እኔ የፈለግኩት ይሄን ነበር። አራቱ ገጽ ውስጥ የለም።"

"አለ እንጂ! ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ 'የተመላሽ ሠራዊት' ብዬዋለሁ።"

"እሱን ስለ ጦርነት መስሎኝ ዘልዬዋለሁ።"

እትዬ ቁልፌ ግን እሱንም እኔንም አይሰሙም። ልጄን ነው የሚያዩት።

"ሴቶች ያልሽው፣ አሮጊትም ይጨምራል?" ብለው ሻሻቸውን ገፈፍ አደረጉት። ጌታ ሆይ! አይጥ የበላው ሣር ነው የሚመስለው። "በወጥ ቤት መቀስ ራሴ ነኝ የምቆርጠው። ቤቱ የኔ፣ ቁልፉ የኔ፤ ይሄን ሁሉ ዘመን ግን አንድ ቀን እንኳ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። የወንዶች ነው።"

"ሁለተኛው ረድፍ የኔ ነው፣ እትዬ" አለች ልጄ። "ካለ።"

እትዬ ቁልፎቻቸውን አንድ በአንድ ነካኩ። ይሄ ሲያስቡ ነው።

"እጥፉን ተውኩት። ትንሽ እጨምርና ሦስቱን ዓመት አልነካውም።"

"በጽሑፍ ከሆነማ ደግ ነው" አለ ባለሙያው ቶሎ ብሎ። "የማይናወጥ ኪራይ ስሌት ውስጥ ይገባልኛል።"

"በጽሑፍ። መጀመሪያ የምትቆረጠው ግን እኔ ነኝ።"

"በክፍያ" አለች ልጄ።

"በዘመድ ዋጋ ነዋ! አባትሽ ዘመድ በነፃ ነው እያለ።"

የልጄ ገጽ ከላይ፣ የታደሰው ውል ከሥር ሆኖ ሰነዱ ለብድር ኮሚቴ ቀረበ። ወሩ ሳያልቅ ስልክ ተደወለልኝ፤ ተፈቅዷል። ልጄን ከነፎጣዋ አንስቼ በሱቁ መሀል አዞርኳት፤ ከዚያ ወጥቼ ለማዶ አጨበጨብኩለት፣ ብድሬን መለስኩ ማለት ነው።

አሁን መጥታችሁ እዩ። ሁለተኛው ረድፍ ገብቷል። እኔና ልጄ ጀርባ ለጀርባ ነው የምንሠራው፤ በመስታወቴ የእሷን ጀርባ አያለሁ፣ በመስታወቷ የእኔን ታያለች። እትዬ ቁልፌ እንደ ልጃገረድ ተቆርጠው፣ ፀጉራቸው እንዲታይ ሻሻቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ነው የሚዞሩት።

እና ልብ በሉ፤ መስታወት ከመስታወት ሲተያይ በውስጡ ወንበር ከወንበር ኋላ፣ ወንበር ከወንበር ኋላ፣ ዓይን እስኪደክም ይደረደራል። ማለቂያ የላቸውም ብዬ ጽፌ አልነበር? አዲስ ደንበኛ ሲመጣ፣ "ስንት ወንበር አላችሁ ጋሼ?" ካለኝ አገጩን በጣቴ ቀና አድርጌ፣ "ራስህ ቁጠር" እለዋለሁ።

"ስድስት!" ትላለች ከኋላዬ፣ ሳትዞር።

ደንበኛው ግን መቁጠሩን ይቀጥላል።