የአንደኛ ሀ ፎጣ

ውድነሽ አሰላ ውስጥ አንደኛ ክፍልን ስታስተምር ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር። በ1964 ዓ.ም. መስከረም ተማሪው በዛና ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛ ሀ ለእሷ ቀረ፤ አንደኛ ለ ከማሰልጠኛ ገና ለወጣችው ለአይሻ ተሰጠ።

አይሻ የዚያው አገር ልጅ ናት። ልጆቹ አማርኛ ሲጠፋቸው ዝቅ ብላ በኦሮምኛ ትጠይቃቸዋለች። በእረፍት ሰዓት የራሷ ብቻ ሳይሆኑ የውድነሽም ልጆች ይከቧታል። ውድነሽ በመስኮት ታያቸዋለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲያ የከበባት ልጅ አልነበረም።

ጥቅምት ላይ ዳይሬክተሩ አቶ ሣህሌ በስብሰባ መሀል «የአይሻ ልጆች ፊታቸውን ታጥበው ነው የሚገቡት። ሌሎቻችሁም ልመዱ» አሉ። አይሻ ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ቧንቧው ጋ አሰልፋ ታስታጥባለች። ውድነሽ ያን ቀን ምሳ አልበላ አላት።

ሰኞ ሳፋና አንድ ነጭ ፎጣ ይዛ መጣች። አርባ ሁለቱን ልጆች በተራ እያስታጠበች በራሷ እጅ አበሰቻቸው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጠው ከዲሮ ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ሥር ተልጦ ነበር፤ ቢጫ ነገርም ደርቆበታል። ውድነሽ ንፍጥ መስሏት ጠበቅ አድርጋ ጠረገችው። ከዚያ የሚቀጥለውን ልጅ ጠራች።

በሳምንቱ ሦስት ልጆች አፍንጫና አፋቸው ዙሪያ ማር የደረቀበት የሚመስል ቅርፊት አወጡ። በሁለተኛው ሳምንት አሥራ አንድ ሆኑ። ከአይሻም ክፍል ሁለት ታመሙ።

«ምች ነው» አለች ውድነሽ መጀመሪያ። ቁጥሩ ሲጨምር ግን አቶ ሣህሌ ቢሮ ገባች።

«ከአንደኛ ለ ነው የመጣው» አለቻቸው። «ልጅቷ ሁሉንም ታቅፋለች፣ ትዳብሳለች። የማን ልጅ ምን እንዳለበት ሳታውቅ።»

አቶ ሣህሌ አይሻን መምህራን ሁሉ ባሉበት ገሠጿት፤ ልጆቹን እንዳትነካም አዘዟት። አይሻ አንገቷን ደፋች። ውድነሽ ደስ አላት፤ እስከ ማታም ደስታው አልለቀቃትም።

በማግሥቱ ቁስል አካሚው ድሬሰር አቶ ገብረ መድህን ከጤና ጣቢያ ወደ አንደኛ ሀ መጣ፤ አይሻም እንድታስተረጉም ተጠርታ ነበር። የከዲሮን አገጭ ቀና አድርጎ አየ።

«ምች አይደለም» አለ። «በጀርም የሚመጣ የቆዳ ቁስል ነው። አፍንጫ ሲፈስ ቆዳው ይላጣል፣ ጀርሙ በዚያ ይገባል። ውኃ የቋጠረ ነገር ያወጣና ይፈርጣል፤ ፈሳሹ ሲደርቅ ይሄን ቅርፊት ይሠራል። ፈሳሹ የነካው እጅም ጨርቅም ያጋባል።» ከዚያ ወደ አይሻ ዞረ። «መቼ እንደጀመረው ጠይቂልኝ።»

አይሻ ልጁን ሳትነካው ጎንበስ ብላ በኦሮምኛ አነጋገረችው። ከዲሮ ረጅም ነገር መለሰላት። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል።

«ቤት ትንሿ እህቱ አስቀድማ ታማ ነበር አለ» አለች።

«ሌላስ ምን አለ?»

«ሌላ አላለም።»

ግን ከዲሮ በውድነሽ ጠረጴዛ ሥር የተሰቀለውን ፎጣ በጣቱ እያሳየ ነበር። አቶ ገብረ መድህን አየው።

«ይሄ የማን ነው?»

አይሻ መልስ አልሰጠችም። ውድነሽን ከሁሉ በላይ ያቃጠላት ይህ ዝምታ ነበር። ልጅቷ ልትሸፍንላት ነው፤ በደግነትም ልትበልጣት ነው።

«የኔ ነው» አለች። «ሁሉንም በእሱ ነው የማብሳቸው። በየቀኑ።»

«በአንድ ፎጣ?»

«አዎ። በአንድ።»

ድሬሰሩ አልተቆጣም። ፎጣው እንዲቀቀል፣ ጥፍር እንዲቆረጥ፣ ማንም በሌላው ጨርቅ እንዳይጠረግ ነገራት። ውድነሽ የልጆቹን ቅርፊት በለብታ ውኃና በሳሙና እያራሰች ቀስ ብላ አነሣችለት፤ እሱም ቁስሉ ላይ ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት ቀባ። ቁስሉ ለተስፋፋባቸው አራት ልጆች ፔኒሲሊን አዘዘ። የታመሙት እስኪደርቅላቸው ቤት ይቆዩ አለ።

ውድነሽ ከሰዓት አቶ ሣህሌ ዘንድ ሄዳ የሆነውን ሳታስቀር ነገረቻቸው። ወጥታም አይሻን በረንዳው ላይ አገኘቻት።

«ትናንት በኔ ምክንያት ነው የተሰደብሽው» አለቻት።

«አውቄያለሁ፣ እትዬ ውድነሽ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እርስዎ የልጆቹን ፊት ሊያጥቡ አስበው ነው እንጂ ሊያሳምሟቸው አይደለም።»

ውድነሽ ለምን ማጠብ እንደጀመረች ልትነግራት ፈለገች። ግን ትታት ፎጣውን ልትቀቅል ሄደች።

ከአሥር ቀን በኋላ ልጆቹ አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ጥቂቶቹ አገጫቸው ላይ ገና ሐምራዊ ቀለም አለ። ከዲሮ በሩ ላይ ቆሞ ግራ ቀኝ አየና በሩጫ ወደ አይሻ ሄደ። ውድነሽ ያው የድሮው ቅናት ሲመለስባት ተሰማት። ስም መጥሪያውን ከፈተችና መጥራት ጀመረች።