ቦራ የሌለበት የልደት ፎቶ

ሀጀራ ከጅዳ በተመለሰች በሁለተኛው ወር የልጇን ልደት ደገሰች። ለፊርደውስ ሰባተኛ ዓመት ኬኩ ከደሴ ድረስ በሚኒባስ ተጭኖ መካነ ሰላም ገባ፣ ጎረቤቱ ተጠራ፣ ፎቶ አንሺዋ ሰብሌም እናትና ልጅን ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ አነሳች። ምን ዋጋ አለው! ልጅቷ ከእናቷ አንድ ክንድ ርቃ፣ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቷን አኮማትራ ወጣች።

ፎቶው ታትሞ ሲመጣ ፊርደውስ አንዴ አየችውና ገፋችው።

«ቦራ የለበትም። እሱ ከሌለ እኔንም ቁረጡኝ።»

ቦራ ውሻዋ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቡናማ ውሻ። እናቷ ባሕር ተሻግራ ስትኖር ልጅቷ አጎቷ ቤት ያደገችው ከእሱ ጋር ነው፤ ትምህርት ቤት የሚያደርሳትም፣ በር ላይ የሚጠብቃትም እሱ ነበር። አጎትየው ጋሽ አብዱራህማን ግን የልደቱ ቀን «እንግዳ ባለበት ውሻ ምን ይሠራል» ብለው ጓሮ አስረውት ዋሉ። ሀጀራም ታላቅ ወንድሟን ላለማስቀየም ዝም አለች። አሁን ያ ዝምታዋ አንገበገባት። ልጇ በሁለት ወር ውስጥ የጠየቀቻት ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው፤ ይሄንንም ከነፈገቻትማ ምኑን እናት ሆነች?

ስልኳ ላይ የነበረውን የቦራን ፎቶ ይዛ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ፎቶ ቤት ገሰገሰች። ሰብሌ የመውለጃ ወሯ ገብቷል። ሆዷን ከጠረጴዛው አርቃ፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ውሻውን ቆርጣ ፍራሹ ላይ አስቀመጠችው።

«ኧረ ጉድ! ከጣራ የወደቀ ይመስላል እኮ» አለች ሀጀራ።

«ቆመሽ ነዋ ያነሳሽው! አናቱና ጀርባው ነው የሚታየው። እናንተን ግን ዝቅ ብዬ፣ ካሜራውን ከልጅሽ ዓይን ትክክል አድርጌ ነው ያነሳኋችሁ። ደግሞ እዚህ ላይ የቀትር ፀሐይ ከላይ ይወርድበታል፤ እናንተ ላይ ብርሃኑ ከግራ በመስኮት ነው የገባው። ጠጉሩንማ ተዪው፤ ከደረቁ ሣር ጋር ስለተመሳሰለ ስቆርጠው በመቀስ የተሸለተ መሰለ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እንደገና ማንሳት። እኔ በዚህ ሆዴ ልጎብጥልሽ አልችልም» ብላ ካሜራዋን አስያዘቻት። «ከኋላው የሳሎናችሁን ግድግዳ የሚመስል አንሶላ ወጥሪ፤ ጠጉሩ ጥርት ብሎ ይለይልኛል። ፀሐይ የሌለበት ቦታ ይሁን፣ ብርሃኑ ከግራሽ ይምጣ። እኔ በነበርኩበት ርቀት ሆነሽ ዓይኑ ድረስ ዝቅ በይ።»

በማግስቱ ሀጀራ አንሶላዋን አጥሩ ላይ ወጥራ፣ ከነአባያዋ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ቦራ አጉረመረመባት። እሱስ ምን ያድርግ፣ መች ያውቃታል!

«አስተግፊሩላህ!» አሉ ጋሽ አብዱራህማን ከበረንዳው። «ለውሻ ትንበረከኪያለሽ? ሰው ምን ይላል?»

በአጥሩ ላይ ሁለት ጎረቤቶች አንገታቸውን አስግገዋል።

«ያሻውን ይበል!» አለች ሀጀራ፣ ዓይኗን ከካሜራው ሳታነሳ።

ይሄኔ ፊርደውስ ከደጃፉ ተነስታ መጣች። «አታፍጪበት፣ ይፈራል። ስሙን ቀስ ብለሽ ጥሪው።» ከዚያ ከእናቷ ጎን ተንበርክካ የካሜራውን መስኮት አየችና «አሁንም አናቱ ይታያል፣ ዝቅ በይ» ብላ በትንሽ እጇ ትከሻዋን ተጫነቻት። ሀጀራ ጎበጠች።

«ቦራዬ» አለች። ጆሮው ቀጥ አለ፤ አነሳችው።

ፎቶ ቤት ሲደርሱ ሰብሌ ቦራን በእናትና በልጅ መሀል በነበረው ክፍተት አስገባችው። የጠጉሩን ጫፍ በኮምፒዩተሩ ቀጭን ብሩሽ ዘለላ በዘለላ አወጣች። «እየተንሳፈፈ ነው» አለች ፊርደውስ ከአጠገቧ ቆማ። እውነቷን ነው፤ ሰብሌ ከመዳፎቹ ሥር ስስ ጥላ ጨመረችበትና ውሻው ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ ከልጅቷ ዓይን እኩል ሆነ፤ በሁለቱም ዓይን ውስጥ ብርሃኑ በግራ በኩል ያበራል።

ፎቶውን በፍሬም አድርገው ሲገቡ ጋሽ አብዱራህማን ሳሎኑ መሀል ቆመው ጠበቋቸው።

«ውሻ ግድግዳዬ ላይ? ያውም በዕለቱ ያልነበረ! ውሸት አይሰቀልም እዚህ ቤት።»

ሀጀራ ደሟ ፈላ። ግድግዳው ላይ አራት የልደት ፎቶ ተደርድሯል፤ በአራቱም ላይ ከጅዳ የላከችው አንድ ጉርድ ፎቶ ተቆርጦ ከልጅቷ ጎን ተለጥፏል። በአራቱም ላይ ያው ሂጃብ፣ ያው ፈገግታ።

«ጋሼ፣ እኔ ያኔ የት ነበርኩ? የሌለሁትን ሴትዮ በየዓመቱ አስለጥፈው ሲሰቅሉኝ ውሸት ነው አላሉም። ቦራን እርስዎ አሰሩት እንጂ ነበረ። ሁሌም ነበረ። እኔ ነኝ ያልነበርኩት!»

ጋሽ አብዱራህማን ወደ ግድግዳው ዞረው አዩ። ሀጀራ አራቱንም ፎቶ አንድ በአንድ አወረደችና እጃቸው ላይ ከመረችላቸው።

«እነዚህን ይውሰዱልኝ።»

ፊርደውስ ወንበር እየጎተተች መጣች።

«ውጪበት» አለቻት እናቷን። «እኔ እይዝልሻለሁ።»