የኤርሳዶ ሁለት እጆች

የሳምራ ባል ኤርሳዶ ሶዶ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ወንድሙ እስራኤል «በሬዎቹን ልውሰዳቸው?» ብሎ በቴሌግራም ጻፈለት። ኤርሳዶ የመለሰው መዳፍ ለመዳፍ የተጋጠሙ ሁለት እጆች ምልክት ብቻ ነበር። ሞተ። አርባው እንኳ ሳይወጣ እስራኤል በሬዎቹን ከጉኑኖው ቤታቸው ነዳቸው፤ ሳምራም ከሰሰች።

ታትሞ በቀረበው ማስረጃ ላይ ምልክቱ ባዶ ሳጥን ሆኖ ስለወጣ፣ ዳኛዋ ስልኩን ራሱን አስቀርበው አዩት።

«እሺ፣ ውሰድ ነው ያለኝ» አለ እስራኤል።

«ኧረ እባክህ ተው ብሎ ሲለምነው ነው!» ስትል ሳምራ ጮኸች።

ዳኛዋ ተቸገሩ፤ ሟች ተጠርቶ አይጠየቅ። «ለእርስዎስ ባለቤትዎ ይህንን ልከውልዎት ያውቃሉ?»

ሳምራ ስልኳን ከፈተች። በመጨረሻው ቀን «ልምጣ ወይ?» ብላው ነበር። መልሱ እነዚያው እጆች ናቸው።

«ያኔ ምን ማለታቸው መሰለዎት?»

«አመሰግናለሁ፣ አትድከሚ ያለኝ መስሎኝ...» ስልኳ ላይ ያሉትን እጆች ደግማ አየቻቸው። «ቀረሁ።»