ቲሸርቱ ላይ የታመመው እንሰት

ጣቢታ ሥራውን ከልክ በላይ አሳምራው ነበር። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

የምትሠራው ሆሳዕና፣ የወንዳፈረው ማተሚያ ቤት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጉርድ ፎቶ ስትቆርጥና የሠርግ ካርድ ላይ ስም ስትቀይር ከርማ፣ በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የዶዮገና እናቶች የቡላ ማኅበርን አርማ እንድትሠራ ተፈቀደላት። ወንዳፈረው የፈቀደው እያመነታ ነው። «እስከ ዛሬ ዲዛይን አዲስ አበባ ነው የምልከው። ኮሚቴው ካልወደደው ወደዚያው ይሄዳል፤ አንቺም ወደ ጉርድ ፎቶሽ» አላት። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ሲናገር ግን ቃል አይመርጥም።

አርማው ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ እንሰት ነው። ኮሚቴው ወረቀት ላይ አይቶ ወዶታል። የቀረው ስቲከሩ፣ ኩባያውና ቲሸርቱ ማኅበሩ ቡላውን ለሚሸጥበት ባዛር ከመታተማቸው በፊት፣ ታትመው ሲያልቁ ምን እንደሚመስሉ በፎቶ ማሳየት ነው። ሞክአፕ ይሉታል።

ልጅቷ ታዲያ ተጠበበችበት። ስቲከሩ እውነተኛ እንዲመስል ከላይ በኩል ጫፉን ተላጥ አድርጋ ጠቀለለችው። ኩባያው ላይ አርማውን ወደ እጀታው አስጠግታ ከክቡ ጋር አዞረችው። ለቲሸርቱ የተቀመጠ ሰው ፎቶ መረጠች፤ ደረቱ ላይ ጨርቁ ተጨማዷል። ፎቶውን በጥቁርና ነጭ ፎቶሾፕ ለሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሰጠችው፤ ፕሮግራሙም ጥላውንና ብርሃኑን እያነበበ አርማውን በጭምድዱ ልክ አጣመመው። የማጣመሚያውን ቁጥር ጨመረች። አሁንም ጨመረች። ኧረ ይብቃሽ የሚላት ሰው አጠገቧ አልነበረም።

ፎቶዎቹን ይዛ ዶዮገና ሄደች፤ ኮሚቴው ጸሎት አድርጎ ስብሰባውን ከፈተ። ፎቶዎቹ ከእጅ እጅ ዞሩ። ከዚያ በከንባትኛ መንሾካሾክ ጀመሩ፤ ጣቢታ የሃዲያ ልጅ ናት፣ ከንባትኛውን አትሰማም። በመጨረሻ ሊቀመንበሯ ወይዘሮ ዓለሚቱ ፎቶዎቹን ሰብስበው መለሱላት።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ፣ ለፍተሻል። እስቲ እናስብበት።»

እናስብበት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ አገር የኖረ ያውቀዋል። ሰው ፊት ለፊት አልወደድነውም አይባልም። ለጣቢታ የጉርድ ፎቶው መቀስ ታያት። ተነሥታ ልትወጣ አለችና ልቧ እንቢ አላት። ከኮሚቴው አንድ ወንድ አቶ ጠና ብቻ ናቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን እንሰት የተከሉ ሽማግሌ። ወደሳቸው ዞረች።

«ጋሽ ጠና፣ እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ። ምኑ ነው ያስጠላችሁ?»

ሽማግሌው ሴቶቹን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ ቲሸርቱ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ይኼ እንሰት ታሟል።»

«ታሟል?»

«አጠውልግ የሚሉት የእንሰት በሽታ ሲገባ መጀመሪያ የሚጎነበሰው የመሃሉ ቅጠል ነው። ይኸው ጎብጧል። ስቲከሩ ላይ ጫፉ የለም። ኩባያው ላይ ደግሞ ኮስሷል። የታመመ እንሰት ለጥፈን ማን ቡላ ይገዛናል?»

«እኔ አምና ጓሮዬን የነቀልኩት ልክ እንዲህ ሲሆንብኝ ነው» አሉ ዓለሚቱ ቀስ ብለው። «ሳየው ሆዴን በላኝ።»

ጣቢታ ሁለቱንም ልታቅፋቸው ምንም አልቀራትም። ለካ አርማውን አልጠሉትም! ላፕቶፗን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከፈተችና አንድ ሰዓት ለመነቻቸው።

መጀመሪያ የቲሸርቱን መጣመም ጨርሳ አጠፋችው። እንሰቱ ቀጥ አለ፤ ግን ጨርቅ ላይ እንደተለጠፈ ወረቀት ሆነ። ይኼም አይሆንም። እንደገና አርማውን ጨርቁ ወጠር ወዳለበት ወደ ላይኛው ደረት አወጣችው፤ የማጣመሚያውን ቁጥር ወደ ትንሽ አወረደች፤ የጨርቁ ጥላ ግን በአርማው ላይ እንዲያልፍ አደረገች። ትልቁ እጥፋት አሁን የሚያርፈው ከታች፣ ጤነኛ እንሰት ላይም ቢሆን በሚንጠለጠሉት አሮጌ ቅጠሎች ላይ ሆነ። ኩባያውን አዙራ የመሃሉን ቅጠል ፊት ለፊት አቆመችው፤ ክቡ ላይ እየጠበቡ የሚሄዱት የዳር ቅጠሎች ብቻ ሆኑ። የስቲከሩን የተላጠ ጫፍ ወደ ታች አወረደችው፤ ሥዕሉ ወደሌለበት። ሴቶቹ ከኋላዋ ቆመው ያያሉ፤ የአንዷ ትንፋሽ የጣቢታ አንገት ላይ ነበር።

አቶ ጠና መነጽራቸውን አደረጉ። ስክሪኑ ላይ በጣታቸው ከግንዱ ጀምረው እስከ ጫፍ ቅጠሉን ተከተሉት። አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ላይ።

«አሁን የታጠፈው ጨርቁ ነው» አሉ። «እንሰቱ ደህና ነው።»

ዓለሚቱ ሥራውን ሊያጸድቁ ከቦርሳቸው የማኅበሩን ማኅተም አወጡ። ጣቢታ ቀና ብላ አመሰግናለሁ ልትል ፈልጋ እንባዋ ቀደማት።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም፣ እትዬ። እፎይ ብዬ ነው።»