ሰማያዊው በር

ሰፈራችን የመንገድ ስም የለውም፣ ቤታችንም ቁጥር የለውም። ቤት በማመልከት ግን እኔን የሚያህል የለም፤ እጅ ይዤ እንደመራሁ ነው የሚቆጠረው። ያን ቀን ለመውለድ እኛ ቤት የመጣችው ታናሽ እህቴ ምጧ ሲፋፋም በስልክ ታክሲ ጠራሁ። የመጀመሪያ ልጇ ሐኪም ጋ ሳትደርስ መንገድ ላይ ሞቶባታል።

«ወፍጮ ቤቱን ታልፋለህ» አልኩት ሹፌሩን። «ከዚያ ያዘመመ የመብራት ምሰሶ አለ፤ እሱ ጋ ወደ ግራ። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ታያለህ፤ በሰፈሩ ሌላ ሰማያዊ የለም።»

«እሺ እትዬ።»

ትንሽ ቆይቶ ደወለ። «ምሰሶው ጋ ታጥፌያለሁ። ሰማያዊ በር ግን አላየሁም።»

«እንዴት አላየህም? እኔ ይኸው በመስኮት እያየሁት ነው።»

እውነቴን ነው። ከግቢው ጫፍ በራችን እንደ ወትሮው ሰማያዊ ሆኖ ቆሟል።

«አረንጓዴ አለ፣ ቡናማ አለ። ሰማያዊ የለም።»

«ልጄ፣ ዓይንህን ግለጥ እንጂ።»

እህቴ የአልጋውን ብረት ጨምድዳ «እቴቴ፣ ልጁ ሊመጣ ነው» አለች። ወዲያው የመኪና ጥሩምባ ተነፋ፤ በስልኩም በመስኮቱም እኩል ሰማሁት። ሰውዬው ደጃችን ቆሞ ደጃችሁ የለም ይለኛል።

«መንገድ ተሳስቼ ይሆናል፣ አስፋልቱ ጋ ተመልሼ ልጠይቅ» አለና ዘጋው።

እየሮጥኩ ወጣሁ። መኪናው ርቋል። በሩን ከውጭ በኩል በአንድ እጄ ተደግፌ ባለ በሌለ ድምፄ ተጣራሁ። ሹፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ ኖሮ የኋሊት መጣ። እጄን ላነሳ ስል ተጣበቀብኝ። መዳፌ ቡናማ ነው። በሩም ቡናማ ነው።

ባለቤቴ ጠዋት «አራስ ጠያቂ ስለሚመጣ ደጁን ላሳምረው» ብሎኝ ነበር። መጥረጊያ የሚያነሳ መስሎኝ ነው እሺ ያልኩት። ለካ ውጭውን ቀብቶ ለውስጡ ቀለም ሊገዛ ሄዷል። እኔ በውስጥ በኩል የማየውን ሰማያዊ በውጭ ላለ ሰው ሳመለክት፣ የእህቴን ልጅ ልገድለው ነበር።

እንደምንም ደግፈን ጫንናት። ጤና ጣቢያው ግቢ ስንገባ ልጁ ከኋላ ወንበር ላይ በእጄ ወጣ። ዝም አለ። ጀርባውን አሸሁት፤ አሁንም ዝም። ደግሜ ሳሸው አለቀሰ፤ እኔም አብሬው።

አዋላጇ ሮጣ መጥታ ተቀበለችኝ። ገልበጥ ስታደርገው ደነገጠች።

«ጀርባው ላይ ያለው ቡናማ ነገር ምንድን ነው?»

«የቤታችን በር ነው» አልኩ።

ሹፌሩ ላቡን እየጠረገ ከኋላዬ መጣ።

«ሰማያዊ ነው ብለውኝ አልነበር፣ እትዬ?»