የጣቢታ ሁለት ገጽ

ጣቢታ ሆሴዕ ፎንቆ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ባለሙያ ናት። የመድኃኒት መጋዘኑ በእሷ ኃላፊነት ስር ነው፤ ቁልፉም ከእሷ ዘንድ ይውላል። በሥራዋ ማንም እንከን አውጥቶባት አያውቅም። ፈቃድ መጠየቅ ግን ሞት ነበር የሚመስላት። አንድ የሥራ ባልደረባዋ በአንድ ወቅት ፈቃድ ጠይቆ "ምክንያትህ አሳማኝ አይደለም" ተብሎ ሲመለስ ስላየች፣ የአለቃን ልብ ካላራሩ ፈቃድ አይገኝም ብላ ታምን ነበር።

በዚያ ሰሞን እናቷ ለዓይን ቀዶ ሕክምና ወደ ዱራሜ ሊሄዱ ቀጠሮ ያዙ። ከአዲሎ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለው መንደር አባቷ ብቻቸውን ሊቀሩ ሆነ። አቶ ሆሴዕ በጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ ከዚያም በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነው አገልግለዋል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን አእምሯቸው እየከዳቸው መጣ። በጎ ሰዓት ሲመጣላቸው እንደ ድሮው ይጫወታሉ፤ ሲጨልምባቸው ደግሞ የገዛ ልጆቻቸውን አይለዩም። ቤተሰቡ ይህን በቤቱ ይዞት ነበር። ጎረቤት "ጋሼ ሆሴዕ ደከም ብለዋል" ከማለት አያልፍም፤ ያየም ቢሆን በአክብሮት ይሸፍንላቸዋል።

ጣቢታ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደብዳቤውን ለመጻፍ ተቀመጠች። "ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ለጥቂት ቀናት ፈቃድ እንዲሰጠኝ" ብላ ጀመረች። እናቷ መቼ እንደሚመለሱ እርግጠኛ ስላልነበረች ከዚህ በላይ ቀን መቁረጥ አልደፈረችም። ከዚያ በኋላ ምክንያቱ መጣ። በአንድ አንቀጽ ቢያልቅ ኖሮ ደግ ነበር። እሷ ግን ይህ አይበቃም፣ አያምኑኝም እያለች ጨመረችበት። አባቷ ሌሊት ከቤት እየወጡ መጥፋታቸውን ጻፈች። በገበያ ቀን ሱሪያቸውን አውልቀው መንገድ ላይ መገኘታቸውን ጻፈች። ሽንታቸውን መቆጣጠር እንዳቃታቸው፣ እናቷን "ማን ናት ይህች ሴት?" ብለው ሊያባርሩ እንደቃጡ፣ ሁሉንም ጻፈች። ሁለት ገጽ ሞላ። ስታነበው ራሷንም አስለቀሳት፤ ስላስለቀሳትም ጥሩ ደብዳቤ መሰላት።

በላዩ ላይ የተጻፈበትን ቀን አላኖረችም። እሷ በሌለችበት ማን እንደሚተካት አልጠቀሰችም። ስልክም አልጻፈችም፤ ስልኬን ማን ያጣዋል ብላ ነው። መዝገብ ቤት ሰጥታ፣ መልሱን ሳትጠብቅ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ከቦርሳዋ ሳታወጣ ቅዳሜ ጠዋት ተሳፈረች።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ተረፈ በእነዚያ ቀናት ሆሳዕና ከተማ ስብሰባ ላይ ነበሩ። እስከዚያ መዝገብ ቤት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የቆየው ደብዳቤ እጃቸው የገባው ማክሰኞ ነው። "ከመጪው ሰኞ" የሚለውን አይተው፣ ቀን ስለሌለው፣ ገና የሚመጣውን ሰኞ ነው ብለው አሰቡ፤ ወደ ሰው ሀብት ክፍልም መሩት። የሰው ሀብት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ገነቴ የፈቃድ ወረቀቱን ልታዘጋጅ ስትል ከመቼ እስከ መቼ ብላ እንደምትሞላ ግራ ገባት። ልትጠይቃት ወደ መድኃኒት ክፍሉ ሄደች። ጣቢታ የለችም። ማህደሯ ውስጥ ያለው ስልክ ድሮ የጣለችው ቁጥር ሆኖ ተገኘ። አዲሱም ቢሆን፣ መንደሩ ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ፣ አይሠራም።

ረቡዕ ዕለት የቲቢ ታካሚዎች መድኃኒታቸውን ሊወስዱ መጡ። ማደያ ክፍሉ ውስጥ የነበረው አልቋል፤ ቀሪው ያለው በተቆለፈው መጋዘን ነው። ከሩቅ በእግሯ የመጣች ሩት የምትባል እናት እስከ ከሰዓት ቁጭ ብላ ጠብቃ ባዶ እጇን ተመለሰች። አቶ ተረፈ ከጎረቤት ጤና ጣቢያ ጥቂት አስመጡ፤ ሲደርስ እሷ ሄዳለች። በዚህን ጊዜ ነው ነርሱን ወንዳፈረውን ጠርተው፣ "አዲሎ ሂድና ቤታቸውን አፈላልግ፤ ቁልፉን ይዘህ ና" ያሉት።

ወንዳፈረው ደግ ሰው ነው። ሞተሩን አስነስቶ አዲሎ ሲደርስ የጋሼ ሆሴዕን ቤት የማያውቅ አላገኘም።

ያን ዕለት ለአቶ ሆሴዕ በጎ ቀን ነበር። ጣቢታ ገላቸውን አጥባ፣ ሸሚዛቸውን ለውጣላቸው፣ ደጅ ካለው የእንሰት ጥላ ስር አስቀምጣቸዋለች። ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሊጠይቋቸው መጥተው ስለ ድሮ ተማሪዎች እያነሱ ይሳሳቃሉ። ጣቢታ ከጓዳ ሆና የአባቷን ሳቅ ስትሰማ ደስ ብሏት ነበር።

ወንዳፈረው ሞተሩን አቁሞ ገባ። እንግዶቹን እጅ ነሣ። ከሦስቱ በሽተኛው የትኛው እንደሆነ በክንዳቸው ስር ከተደገፈው ትራስ ገመተና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሽማግሌዎቹን ጠየቀ፦

"እንዴት ይዟቸዋል? አሁን ጭራሽ ሰው አይለዩም አይደል?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

"መቼም እግዚአብሔር ያውቃል" አለ ወንዳፈረው፣ ዝምታቸውን ሐዘን መስሎት። "መንገድ ላይ ልብሳቸውን አውልቀው መገኘታቸውን ስናነብ ቢሮው በሙሉ ነው ያዘነው። ጠዋት ጠዋት እንጸልይላቸዋለን።"

አቶ ሆሴዕ ቀና አሉ። "አንተ ልጅ፣ ይህን ማን ነገረህ?"

ወንዳፈረው ደነገጠ። የሚያናግሩት እሱን መሆኑን ሲያውቅ ፊቱ ተለዋወጠ። "ጋሼ፣ ይቅርታ… ጣቢታ ናት… በፈቃድ ደብዳቤዋ ላይ…"

ጣቢታ በሩ ላይ ቆማለች። አባቷ ዞር ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ያን ሰዓት ጥርት ያለ ነበር፤ ኋላ ላይ ከሁሉ በላይ የጎዳት ይኸው ነው።

"ጻፍሽው?" አሏት።

አንደኛው ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ "እንግዲህ እኛ እንሂድ" አሉ። ማንም አልከለከላቸውም። አቶ ሆሴዕ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ድረስ ቆልፈው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ውስጥ ገቡ። ወንዳፈረው መሬት መሬት እያየ፣ "እኔ እኮ የማይሰሙ መስሎኝ ነው" አለ።

"ያስመሰልኩህ እኔ ነኝ" አለችው።

ቁልፉን ዝም ብላ ልትሰጠው አልቻለችም። በመጋዘኑ ውስጥ ያለው ንብረት በስሟ ስለሆነ ቆጥራ ማስረከብ አለባት። አዲሎ ሱቅ ያለው ወንድሟ ብሩክ ከአባታቸው ጋር እንዲያድር ተስማማ።

"የእኔን ስልክ ለምን አልሰጠሻቸውም?" አላት ሲለያዩ። "ሱቁ ውስጥ ሁልጊዜ ኔትወርክ አለ። ቢደውሉልኝ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልጅ እልክብሽ ነበር።"

ይህን አላሰበችውም። ሁለት ገጽ ስትጽፍ አንድ የስልክ ቁጥር አላሰበችም።

በማግስቱ ጤና ጣቢያው ስትደርስ የጥበቃ ሠራተኛው ሳይቀር፣ "አባትሽ እንዴት ናቸው? አይዞሽ" አላት። የካርድ ክፍሏ ልጅ አቅፋ ሳመቻት። የጽዳት ሠራተኛዋ ከንፈሯን መጠጠች። ሁሉም በቅንነት ነው። እሷ ግን አባቷን በእነዚህ ሁሉ ሰዎች ፊት ራሷ አራቁታ ያቆመቻቸው ያህል ተሰማት። ፊቷን የምታኖርበት አጣች።

መጋዘኑን በማደያ ክፍሉ ለሚሠራው ምክትሏ አስረክባ ወይዘሮ ገነቴ ዘንድ ገባች። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ጥጉ ከመነካካት ብዛት ተጣጥፏል።

"ቁጭ በይ" አለች ገነቴ። "ልቆጣሽ አይደለም፤ አቶ ተረፈ ይቆጡሻል። እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። የዓመት እረፍትሽ ገና እንዳልተነካ ታውቂያለሽ?"

"አዎ።"

"የዓመት እረፍት መብትሽ ነው። መቼ ይሁን የሚለውን እንነጋገራለን እንጂ ለምን ፈለግሽው ብሎ የሚጠይቅሽ የለም። የግል ጉዳይ ፈቃድ ቢሆን እንኳ 'የቤተሰብ ሕመም' ብትዪ ይበቃል። እኔ የምፈልገው ከመቼ እስከ መቼ፣ ማን ይተካሻል፣ በምን አገኝሻለሁ የሚለውን ነው። ሁለት ገጽ አነበብኩ፤ ከሦስቱ አንዱንም አላገኘሁም።"

ጣቢታ ወረቀቱን አየችው። የራሷ የእጅ ጽሑፍ ነው። ከላይ በቀይ እስክሪብቶ የአቶ ተረፈ ምሪት፣ ከጎኑ የመዝገብ ቤት ማኅተም አለ።

"ልውሰደው? እባክዎ፣ ቀዳድጄ ልጣለው።"

ገነቴ ራሷን ነቀነቀች። "ቁጥር ወጥቶለታል። ገቢ የሆነ ደብዳቤ ከመዝገብ አይጠፋም። በፖስታ አሽጌ ማህደርሽ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለ ሥራ ጉዳይ የሚከፍተው የለም። ያነበበውን ሰው ግን ላስረሳልሽ አልችልም።"

ከዚያ ባዶ ወረቀት ገፋ አደረገችላት። ጣቢታ ጻፈች። ቀኑን ከላይ አኖረች። ከነገ ዓርብ ጀምሮ እስከ ቀጣዩ ሳምንት ሐሙስ፣ ቀኑንና ወሩን በቁጥር አድርጋ፣ ከዓመት እረፍቷ እንዲታሰብላት ጠየቀች፤ በማግስቱ ሥራ እንደምትገባም ጨመረች። የምክትሏን ስም፣ መጋዘኑን ማስረከቧን፣ የብሩክን ስልክ ጻፈች። እናቷ ከቆዩ ቀድማ አሳውቃ ማራዘሚያ እንደምትጠይቅ አከለች። ምክንያቱ ሁለት ቃል ሆነ። ስትጨርስ ወረቀቱ ግማሹ ነጭ ነበር፤ ያ ነጭ ቦታ አስለቀሳት።

አቶ ተረፈ ፈረሙ። ሳይፈቀድላት የቀረችባቸው ቀናት ከእረፍቷ እንዲቀነሱ ፈቅደው፣ ፊት ለፊት አስጠነቀቋት። "ሴትዮዋ ያለ መድኃኒት ተመለሰች" አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ጣቢታ ወደ ሩት ስልክ ደወለች። ከጎረቤት የመጣውን በቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል እንዳገኘች ስትሰማ ተነፈሰች። "ጥፋቱ የኔ ነበር" አለቻት። ሩትም "እሺ" ብላ ብቻ ዘጋች።

መንገድ ላይ ሆና አባቷን የምትለውን ስታሰናዳ መጣች። ይቅርታ ልትጠይቅ፣ እግራቸው ስር ልትወድቅ ቆርጣለች።

ቤት ስትደርስ አባቷ፣ ብሩክ እራት አብልቷቸው፣ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሸሚዛቸው እንደ ትናንቱ እስከ አንገት ተቆልፏል። ከፊታቸው ተንበረከከች።

"አባባ፣ በደልኩዎት። የቤታችንን ነገር አደባባይ አወጣሁት። ይሰጡኛል ብዬ አላመንኩም፤ ስለዚህ እርስዎን ሸጥኩ። ይቅር ይበሉኝ።"

አቶ ሆሴዕ በትህትና አደመጧት። ለማያውቁት ሰው እንደሚያደርጉት ጎንበስ አሉላት።

"የማን ልጅ ነሽ?" አሏት።

ብሩክ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

"የሆሴዕ ልጅ ነኝ" አለች፣ ድምፅዋ እየተሰበረ።

ትንሽ አሰቡ። "አባትሽ ይቅር ይልሻል። አባት ነው" አሉ። ቀጥለውም በእጃቸው ራሷን ዳበሱ፤ አንድ ሰው ሲያለቅስ የሰው ወግ የሚያዝዘውን ያህል ብቻ ነበር።

ጣቢታ ይቅርታው ከአባቷ ይሁን ከማያውቋት ደግ ሽማግሌ መለየት አልቻለችም። በኋላ ተነሥታ የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ፈታችላቸው፤ እንዳይጨንቃቸው።